ሐሙስ ታርፋለህ፣ ዓርብ ትገባለህ

«ጋሼ፣ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ በጥገና ክፍል እሠራለሁ፤ የምኖረው ደሴ ነው። የተቀጠርኩት ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። በሳምንት ስድስት ቀን እንገባለን፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው። ከሰኞ ነሐሴ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሃያ የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ጠየቅኩና ‹መስከረም 3 ሥራ እገባለሁ› ብዬ ጻፍኩ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ‹መስከረም 3 እኮ እሑድ ነው፤ ቆጥረህ አምጣ› ብላ መለሰችልኝ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬ መስከረም 13 ነው ይለኛል። የክፍላችን ነባር ሠራተኞች ደግሞ ‹መጀመሪያውኑ የሚገባህ ሃያ አራት ቀን ነው› አሉኝ። ሐሳቤ መውሊድን በእናቴ ወገን ጀማ ንጉሥ፣ እንቁጣጣሽን በአባቴ ቤት ለማሳለፍ ነው። የምገባው በትክክል መቼ ነው? ደብዳቤውንስ እንዴት ላስተካክለው?»

ከደሴ

አብሽር ወንድሜ። የምትገባው ዓርብ መስከረም 8 ቀን 2019 ዓ.ም. ጠዋት ነው። ሃያኛው የዕረፍት ቀንህ ሐሙስ መስከረም 7 ላይ ያልቃል። ይህ ግን ቅዳሜ በፋብሪካችሁ እንደ ሙሉ የሥራ ቀን የሚቆጠር ከሆነ ነው፤ እሱን ኃላፊዋን መጠየቅህ አይቀርም፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

መስከረም 3 ከየት እንደመጣ አይቼዋለሁ። ነሐሴ 18ን አንድ ብለህ ጀምረህ እስከ ነሐሴ 30 አሥራ ሦስት፣ ጳጉሜን አምስት ጨምረህ አሥራ ስምንት፣ መስከረም 1 እና 2 ሲደመሩ ሃያ። ድምሩ ትክክል ነው። ስህተቱ የቆጠርከው ነገር ላይ ነው፤ እሑዱንም በዓሉንም ከዕረፍትህ ላይ ከፍለሃል። ሕጉ የሚሰጥህ ሃያ የሥራ ቀን ነው፤ ዕረፍት ባትወጣም የማትገባባቸው ቀኖች በውስጡ አይቆጠሩም። አንተ በጻፍከው ቀን ብትመለስ ኖሮ አራት የሥራ ቀን ለፋብሪካው በነጻ ትሰጥ ነበር። ኃላፊዋ ዝም ብላ ብትፈርምልህ ትርፉ የእነሱ ነበር፤ መልሳ ስለሰጠችህ አመስግናት።

አሁን አብረን እንቁጠር። የግድግዳ ካሌንደር አውርድና እርሳስ ያዝ። በጭንቅላት የተቆጠረ ፈቃድ ሲሳሳት እንጂ ሲስተካከል ብዙ አላየሁም።

በመጀመሪያው ሳምንት ከሰኞ ነሐሴ 18 እስከ ቅዳሜ ነሐሴ 23 ስድስት ቀን አለ። መውሊድ በዚያው ሳምንት ስለሚውል አንዱ ይወጣል፤ አምስት ቀረህ። እሑድ 24ን ዝለለው። ሁለተኛው ሳምንት ከሰኞ ነሐሴ 25 እስከ ቅዳሜ ነሐሴ 30 ያለ ምንም በዓል ስድስት ነው፤ ድምሩ አሥራ አንድ ደረሰ። እዚህ ላይ ካሌንደሩን ገልብጥ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጳጉሜን 1 እሑድ ነው፤ ጳጉሜን 2፣ 3፣ 4 እና 5 ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉ ተራ የሥራ ቀኖች ናቸው። አሥራ አምስት ሆነ። ዓርብ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ ነው፣ አይቆጠርም። ቅዳሜ መስከረም 2 አሥራ ስድስተኛው ቀንህ ነው። እሑድ መስከረም 3 ይዘለላል። ከዚያ ሰኞ 4፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 6፣ ሐሙስ 7፤ ሃያ ሞላ። በማግስቱ ዓርብ ትገባለህ። መስቀል መስከረም 17 ስለሆነ አይደርስብህም፤ ለነገሩ በ2019 የሚውለው እሑድ ነው።

ጳጉሜን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔም ተቃጥዬበታለሁ። ወደ ሰው ኃይል ሥራ አዲስ የገባሁ ሰሞን የአንድ ሠራተኛ ፈቃድ ከነሐሴ ወደ መስከረም ተሻገረ። ጳጉሜን ካሌንደሩ ላይ ከነሐሴ ገጽ ግርጌ በትንሽ ሣጥን ታትማ ነበር፤ ዓይኔ ዘለላት። ሰውየው እኔ በጻፍኩለት ቀን በሰዓቱ ገባ። ዓመቱ መጨረሻ ላይ የፈቃድ መዝገብ ሲመረመር አራት ቀን ያለ ፈቃድ እንደቀረ ተቆጠረ። ጥፋቱ የእኔ፣ ቀኑ የተቆረጠው ግን ከእሱ የሚቀጥለው ዓመት ዕረፍት ላይ። ከዚያ ወዲህ ጳጉሜንን በቀይ እስክሪብቶ ሳልከብ ፈቃድ አስልቼ አላውቅም። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም እያልን ስለምንቀልድባት የሥራ ቀንም የላት ይመስለናል፤ አላት። ደግሞም በ2018 አምስት ቀን ብቻ ናት፤ በ2019 ስድስት ስለምትሆን የዘንድሮውን ቁጥር ለከርሞ አትገልብጠው።

ወደ ጓደኛህ ልምጣ። እሱ አልዋሸህም፤ ለራሱ ቆጥሮልሃል። መሥሪያ ቤቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሠራ ከሆነ ቅዳሜ ለእሱ የሥራ ቀን አይደለም። ከነሐሴ 18 ጀምሮ አራቱን ቅዳሜዎች አውጥተህ ብትቆጥር ሃያኛው ቀን ማክሰኞ መስከረም 12 ላይ ይወድቃል፣ መግቢያውም ረቡዕ 13 ይሆናል። የሚገርመው፣ ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው ጳጉሜንን ረስቶ ቢቆጥርም የሚደርሰው እዚያው መስከረም 13 ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው እንዲሁ ቆጥሮ ያንኑ ቀን ቢነግርህ «ሁለት ሰው ተስማማ» ብለህ አትመን። አንተ በዚያ ቀን ብትመለስ ዓርብ 8፣ ቅዳሜ 9፣ ሰኞ 11 እና ማክሰኞ 12 ያለ ፈቃድ የቀረህባቸው ቀኖች ይሆናሉ፤ ደመወዝ ይቆረጣል፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሊከተል ይችላል።

አሁን ቅዳሜ። በስልክም በደብዳቤም ከሚደርሱኝ የፈቃድ ጥያቄዎች ግማሹ የግማሽ ቅዳሜ ጥያቄ ነው ብል አላጋነንኩም። አዋጁ የሚቆጥረው በሥራ ቀን ነው፣ በሰዓት አይደለም። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ ብትሠራም ገብተህ የምትፈርምበት ቀን ስለሆነ የሥራ ቀን ነው፤ በዚህ አቆጣጠር አንድ ቅዳሜ አንድ ቀን ትበላለች። ሠራተኛው «ግማሽ ቀን ለምሠራው ለምን ሙሉ ቀን ይቆረጥብኛል?» ቢል ደግሞ አልፈርድበትም። ለዚህም ነው አንዳንድ ድርጅቶች በኅብረት ስምምነታቸው ወይም በውስጥ ደንባቸው ቅዳሜን በፈቃድ ስሌት ግማሽ ቀን አድርገው የሚይዙት። ለሠራተኛው የተሻለ ስለሆነ የሚከለክለው የለም።

ፋብሪካችሁ እንደዚያ የሚቆጥር ከሆነ መልሱ ይቀየራል። በፈቃድህ ውስጥ ሦስት ቅዳሜዎች አሉ፤ ነሐሴ 23፣ ነሐሴ 30 እና መስከረም 2። እያንዳንዳቸው ግማሽ ሲሆኑ ሐሙስ መስከረም 7 ላይ ስትደርስ የተጠቀምከው አሥራ ስምንት ተኩል ቀን ብቻ ነው። ዓርብ 8 አሥራ ዘጠኝ ተኩል፣ ቅዳሜ 9 ደግሞ የቀረችውን ግማሽ ትሞላና ሃያ። የምትገባው ሰኞ መስከረም 11 ይሆናል። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመጻፍህ በፊት ለኃላፊዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃት፦ «ቅዳሜ በፈቃድ መዝገብ ላይ አንድ ነው ወይስ ግማሽ?» ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ የኅብረት ስምምነቱን አስፈልገህ አንብበው። መዝገቡን የሚሞሉ ሰዎችም አንዳንዴ በልማድ ይሞላሉ እንጂ ደንቡን ገልጠው አያዩም፤ እኔም እንደዚያ የነበርኩበት ጊዜ አለ።

በፈረቃ የምትሠሩ አንባቢዎቼ፣ የእናንተ ሳምንታዊ ዕረፍት ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ሊሆን ይችላል። ለእናንተ እሑድ የሥራ ቀን ነውና ካሌንደሩን ትታችሁ በፈረቃ ፕሮግራማችሁ ቁጠሩ።

አሁን ወደ ጨረቃዋ። የ2018ቱ መውሊድ ጨረቃዋ እንደታየችበት ቀን ማክሰኞ ነሐሴ 19 ወይም ረቡዕ ነሐሴ 20 ይውላል። አንተ ደብዳቤውን የምትጽፈው ሐምሌ ላይ ነው፤ ያኔ ማንም እርግጠኛውን ቀን ሊነግርህ አይችልም። ታዲያ የመመለሻ ቀን በትክክል መጻፍ ይቻላል ወይ ካልክ፣ በአንተ ጉዳይ ይቻላል። ማክሰኞም ረቡዕም በፈቃድህ ውስጥ ያሉ የሥራ ቀኖች ናቸው። ከሁለቱ የቱም በዓል ቢሆን ከመጀመሪያው ሳምንት የሚወጣው አንድ ቀን ነው፣ ሃያኛው ቀንም ከሐሙስ መስከረም 7 ንቅንቅ አይልም።

ችግር የሚመጣው የበዓሉ ሁለት አማራጮች አንዱ የሥራ ቀን ላይ፣ ሌላው ደግሞ ከፈቃዱ ውጭ ወይም ሳምንታዊ ዕረፍት ላይ ሲያርፍ ነው። ለምሳሌ ፈቃድህን ከረቡዕ ነሐሴ 20 ጀምረህ ቢሆን ኖሮ መውሊድ ማክሰኞ ከዋለ ከፈቃድህ በፊት አልፏል፤ ሃያው ቀን ዓርብ መስከረም 8 አልቆ ቅዳሜ 9 ትገባለህ። ረቡዕ ከዋለ ግን አንድ ቀን ይጨመርልህና ቅዳሜ 9 ያልቃል፣ ሰኞ 11 ትገባለህ። እንዲህ ባለ ጊዜ ደብዳቤው ላይ ሁለቱንም ቀን ከነምክንያቱ መጻፍ ያስፈልጋል። ሰኞ መጀመርህ ከዚህ ሁሉ ገላገለህ። በነገራችን ላይ በዓል እሑድ ላይ ቢያርፍ «ሰኞ ይካካስልኛል» የሚል ሰው አያጣም፤ እንዲህ የሚል ሕግ የለንም። ያ በዓል ከእሑዱ ጋር አብሮ አለፈ ማለት ነው።

እኛ ወሎዎች ሁለቱንም የበዓል ዓይነት በአንድ ቤት ስለምናከብር ጨረቃዋንም ባሕረ ሐሳቡንም አብረን ማየት ለምዶብናል። አዲስ አበባ ከሚገኝ ዋና መሥሪያ ቤት የሚላክ የፈቃድ ቅጽ ግን ይህንን ሁልጊዜ አያስበውም።

የነባሮቹ ሃያ አራት ቀን ጉዳይ ደግሞ የሁለት ሕጎች ቅልቅል ነው። አሁን ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 77 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት አሥራ ስድስት የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለቱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ደግሞ በአሥራ አራት ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨምር ነበር። ሰዎቹ መነሻውን ከአዲሱ፣ ጭማሪውን ከአሮጌው ወስደውልሃል፤ አሥራ ስድስት ሲደመር ስምንት፣ ሃያ አራት። እንዲህ የሚል አዋጅ ግን ወጥቶ አያውቅም።

አንተ ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ ዘጠኝ ዓመት ትሞላለህ። የመጀመሪያው ዓመት አሥራ ስድስት፣ የቀሩት ስምንት ዓመታት ለሁለት ሲካፈሉ አራት፤ ሃያ። የጠየቅከው ልክ ነው። ነባሮቹ የሚያወሩት ጨርሶ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም፤ ረጅም ለሠራ ሰው የአሮጌው አዋጅ አቆጣጠር ይበልጥ ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት ለሞላው ሃያ ሁለት ቀን ያደርሰዋል። አንዳንድ ድርጅቶች የተሻለውን በኅብረት ስምምነት አቆይተውት ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ስምምነት ለቅዳሜው ስትገልጥ የዓመት ዕረፍት የሚለውን አንቀጽም አብረህ እየው። ሌላ ነገር ከሌለበት ሃያህን ያዝ።

ሃያው ሙሉ መሆኑን ግን ከመዝገቡ አረጋግጥ። በዓመቱ ውስጥ ሁለት ቀን ለግል ጉዳይ ወጥተህ «ከዓመት ዕረፍት ይያዝልኝ» ብለህ ፈርመህ ከሆነ ያለህ አሥራ ስምንት ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ፊርማ ይረሳል፣ መዝገብ አይረሳም። እንዲህ ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀኖች፣ ረቡዕና ሐሙስን ከላይ ካለው ቆጠራ ቀንስና ረቡዕ መስከረም 6 ትገባለህ።

ወደ ደብዳቤው እንሂድ። የላክልኝን ረቂቅ አየሁት። አንድ ገጽ ሙሉ ነው፤ የፋብሪካው ውለታ፣ የእናትህ ናፍቆት፣ የመንገዱ ርቀት። የዓመት ዕረፍት ልመና አይደለም፣ መብት ነው፤ ምክንያት መዘርዘር አይጠበቅብህም። ከምክንያቱ ይልቅ ኃላፊዋ መዝገብ ላይ የምትገለብጣቸው ቁጥሮች ናቸው የሚፈለጉት። ከሁሉም በላይ ደግሞ «እስከ» የምትል ቃል ላይ ጥንቃቄ አድርግ። «ከነሐሴ 18 እስከ መስከረም 8» ብለህ ብትጽፍ አንዱ አንባቢ መስከረም 8ን ያረፍክበት ያደርገዋል፣ ሌላው የገባህበት። ስንት ጭቅጭቅ በዚህች ቃል ተነሥቷል! መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመጨረሻውን የዕረፍት ቀንና የመግቢያውን ቀን ለየብቻ፣ ከነቀን ስማቸው ጻፍ። ቀኑ ከነስሙ ሲጻፍ እሑድ ላይ እገባለሁ ብሎ መሳሳት አይኖርም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

ሐምሌ ___ ቀን 2018 ዓ.ም.
ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
በጥገና ክፍል ኃላፊ በኩል
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ የዓመት ዕረፍት ፈቃድ ስለመጠየቅ

እኔ ______፣ የመታወቂያ ቁጥር ______፣ በጥገና ክፍል ከሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ እያገለገልኩ እገኛለሁ። የ2018 በጀት ዓመት የዓመት ዕረፍቴን 20 (ሃያ) የሥራ ቀን በአንድ ጊዜ እንድወስድ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።

የዕረፍቱ የመጀመሪያ ቀን ሰኞ ነሐሴ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የመጨረሻ ቀን ሐሙስ መስከረም 7 ቀን 2019 ዓ.ም. ሲሆን ዓርብ መስከረም 8 ቀን 2019 ዓ.ም. በመደበኛው የሥራ መግቢያ ሰዓት ሥራዬ ላይ እገኛለሁ። በስሌቱ ቅዳሜ እንደ አንድ የሥራ ቀን ተይዟል፤ እሑዶች፣ የመውሊድ በዓል (ነሐሴ 19 ወይም 20) እና መስከረም 1 አልተቆጠሩም።

በሌለሁበት ጊዜ ሥራዬን ______ ተክቶኝ ይሠራል። ስልኬ ______ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ስምና ፊርማ

ይኸው ነው። «አልተቆጠሩም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለአንዳንዱ ትርፍ ይመስላል፤ ለእኔ የደብዳቤው ልብ እሱ ነው። ስሌትህን ከነመንገዱ ስለሚያሳይ ኃላፊዋ ብትስማማ ትፈርማለች፣ ባትስማማም የቱ ጋ እንዳልተስማማች ትነግርሃለች። «ቆጥረህ አምጣ» የሚባል ነገር አይኖርም። ቅዳሜ ግማሽ ነው ካለችህ ሦስት ቦታ ታስተካክላለህ፦ የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ መስከረም 9፣ መግቢያው ሰኞ መስከረም 11፣ ቅዳሜም እንደ ግማሽ ቀን።

በክፍል ኃላፊህ በኩል እንዲያልፍ ያደረግኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የፈቃድ መርሐ ግብር የሚያወጣው አሠሪው ነው፤ የአንተን ፍላጎት በተቻለ መጠን ይመለከታል፣ ሥራው እንዳይቆምም ያያል። የጥገና ሠራተኛ ሃያ ቀን ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጨነቀው የክፍል ኃላፊው ነው። ተተኪህን አንተው አነጋግረህ ስሙን ጽፈህ ካቀረብክ ግማሹ ሥራ አለቀ። ኃላፊው «አሥሩን አሁን፣ አሥሩን በኋላ ውሰድ» ቢልህ ዕረፍቱን ለሁለት መክፈል የሚቻለው አንተ ስትጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ነው፤ ካልፈለግክ ጥያቄው የአንተ እንደሆነ አድርገህ አትፈርም። የሥራው ሁኔታ ካስገደደው ግን አሠሪው ዕረፍቱን ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ያም ቢሆን ከሁለት ዓመት በላይ አይዘልቅም። ጀማ ንጉሥ የምትሄድበትን ትራንስፖርት ከመክፈልህ በፊት የተፈረመውን ቅጂ እጅህ አስገባ።

ፈቃዱ ከተፈቀደ በኋላም ቀኑን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ሕመም ነው። በዕረፍትህ መካከል ብትታመም እነዚያ ቀኖች ወደ ሕመም ፈቃድ ይዞራሉ እንጂ ከዓመት ዕረፍትህ አይበሉም፤ ለዚህ ግን የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ለመሥሪያ ቤቱም በማግስቱ አሳውቅ። ለምሳሌ ከጳጉሜን 2 እስከ ጳጉሜን 4 ሦስት ቀን ተኝተህ ማስረጃ ብታመጣ፣ ሦስቱ ቀኖች ከሐሙስ መስከረም 7 በኋላ ይቀጠላሉ፤ ዓርብ 8፣ ቅዳሜ 9፣ ሰኞ 11። መግቢያህ ማክሰኞ መስከረም 12 ይሆናል። ይህን ግን በራስህ አስልተህ ዝም ብለህ አትቅር፤ ደውለህ አዲሱን ቀን በጽሑፍ አስይዝ።

ሌላው ጥሪ ነው። ያልታሰበ ነገር ካልገጠመና አንተ የግድ ካላስፈለግክ አሠሪው ከዕረፍት ሊጠራህ አይችልም። ከጠራህም መጓጓዣህንና አበልህን ይችላል፤ በመንገድ ያጠፋኸው ጊዜ ከዕረፍትህ አይቀነስም፣ የቀረውም መብትህ ነው። ማሽን በተበላሸ ቁጥር የጥገና ሰው ስልክ መጮኹን አውቃለሁ። በስልክ ምክር መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ተነሥተህ ከሄድክ ግን የሄድክበትን ቀን አስመዝግብ፣ አለዚያ መዝገቡ ላይ ስታርፍ እንደዋልክ ይቆያል።

አንድ የቀረኝ ነገር መንገዱ ነው። ከአባትህ ቤት ወደ ደሴ የምትመለስበት ቀን የተለየ የጉዞ ፈቃድ የለውም፤ ከሃያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሐሙስ መስከረም 7ን ለመንገድ ተውና ማታ ደሴ እደር። በመስከረም መጀመሪያ ሐረጎ ላይ ጠዋት ጠዋት ጉም ይወርዳል፣ መኪና ቀስ ይላል፤ ዓርብ ሰርቪሱ ካመለጠህ በሚኒባስ ተሳፍረህም ቢሆን ከመግቢያ ሰዓት በፊት ኮምቦልቻ ድረስ።